ምንም ሳይቀምሱ ከፍ የሚል ስኳር ከየት ይመጣል?

በስኳር ሕመም ክትትል ክፍሎች ጠዋት ጠዋት ደጋግሞ የሚሰማ ጥያቄ አለ። ታካሚው ማታ 2 ሰዓት ላይ እራቱን በልቶ፣ ሌሊቱን ምንም ሳይቀምስ ይመጣል። ጣቱን ተወግቶ ጠብታ ደሙ ሲለካ 168 ይላል። «ማታ ስተኛ እኮ 140 ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ምንም አልበላሁም» ይላል ግራ ገብቶት። አንዳንዱ መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ይጠረጥራል። አንዳንዱ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ እራት መብላት ይተዋል፤ ጠዋት ሲለካ ግን ቁጥሩ እንዳሰበው ወርዶ አያገኘውም።

መለኪያው አልተበላሸም፤ ታካሚውም አልዋሸም። ስኳሩ የመጣው ከገዛ ጉበቱ ነው። የማንኛውም ሰው ጉበት ሌሊቱን ሙሉ ስኳር ወደ ደም ሲለቅ ያድራል፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ከእራት እስከ ቁርስ በሕይወት መቆየት አይቻልም ነበር። ጤነኛውንና ታካሚውን የሚለያያቸው ጉበት የሚለቀው መጠን ነው። ያንን መጠን የሚወስኑት በዋናነት ከቆሽት የሚመነጩ ሁለት ሆርሞኖች ናቸው፤ ኢንሱሊንና ግሉካጎን። ስለ ኢንሱሊን ብዙ ተብሏል። ግሉካጎን ግን በስም እንኳ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

ደም ውስጥ ያለው ስኳር ምን ያህል ነው?

የአንድ አዋቂ ሰው ደም 5 ሊትር ገደማ ነው። ጤነኛ ሰው በባዶ ሆድ ሲለካ በእያንዳንዱ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ 90 ሚሊ ግራም ያህል ግሉኮስ ይገኛል። ሲደመር በመላ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር 4.5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው።

በሌላ በኩል አንጎል ብቻውን በሰዓት 5 ግራም ያህል ግሉኮስ ይፈጃል፤ በቀን 120 ግራም መሆኑ ነው። ቀይ የደም ሕዋሳትም ከግሉኮስ ሌላ ምግብ የላቸውም። ስለዚህ ደም ውስጥ ያለው ስኳር በየጊዜው ካልተተካ አንድ ሰዓት እንኳ አያዘልቅም። አንድ እራት ደግሞ በተቃራኒው ብዙ ስኳር ይዞ ይመጣል። እንጀራ በሽሮ የበላ ሰው 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ወስዷል ብንል፣ ይህ በደሙ ውስጥ ካለው ስኳር 20 እጥፍ ነው። እንዲህም ሆኖ የጤነኛ ሰው ስኳር ከምግብ በኋላ ከ140 ብዙም አያልፍም፤ ከሌሊት ጾም በኋላም ከ70 በታች አይወርድም። ይህ የሚሆንበት መንገድ በሁለቱ ሆርሞኖች በኩል ነው።

ከእራት በኋላ

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ የተጋደመ አካል ነው። አብዛኛው ክፍሉ ምግብ ለመፍጨት የሚያገለግል ፈሳሽ ያመነጫል። በመሃል በመሃሉ ግን እጅግ ጥቃቅን የሆኑ የሕዋስ ስብስቦች ተበትነውበታል፤ ቁጥራቸው ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋል። በ1869 ያገኛቸው ጀርመናዊው የሕክምና ተማሪ ፖል ላንገርሃንስ ነው፤ ዛሬም በእሱ ስም ይጠራሉ። በእነዚህ ስብስቦች ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩት ቤታ ሕዋሳትና ግሉካጎን የሚያመነጩት አልፋ ሕዋሳት ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጉርብትናቸው ትልቅ ትርጉም እንዳለው በኋላ እናያለን።

እንጀራው አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ግሉኮስነት ሲለወጥና ደም ውስጥ ሲገባ፣ ቤታ ሕዋሳት ከሁሉ ቀድመው ያውቃሉ። የሚያውቁትም ግሉኮሱን ራሳቸው በማቃጠል ነው። ስኳር ሲበዛ ብዙ ይገባቸዋል፤ ብዙ ሲገባ በውስጣቸው የሚፈጠረው ኃይል ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ፖታሲየም የሚወጣበት የሕዋሱ በር ይዘጋል፤ የሕዋሱ የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለወጣል፤ ካልሲየም ይገባል፤ ተዘጋጅቶ የቆየው ኢንሱሊን ወደ ደም ይለቀቃል። ይህ ሁሉ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። አንባቢ ይህን የፖታሲየም በር ያስታውሰው፤ በኋላ ስለ አንድ የታወቀ ክኒን ስንናገር ይመለሳል።

አንጀትም የራሱን እገዛ ያደርጋል። አንድ ዓይነት መጠን ያለው ግሉኮስ በአፍ ሲወሰድ በደም ሥር ከሚሰጠው እጅግ የበለጠ ኢንሱሊን ያስወጣል። ምግብ ሲያልፍበት አንጀት ጂኤልፒ-1ን የመሳሰሉ ሆርሞኖች ልኮ ቆሽትን አስቀድሞ ስለሚያዘጋጀው ነው።

ከቆሽት የወጣው ኢንሱሊን ወደ መላ ሰውነት ከመሰራጨቱ በፊት በቀጥታ ወደ ጉበት በሚያመራ ደም ሥር ያልፋል። ግማሽ ያህሉ እዚያው ሥራ ላይ ውሎ ይቀራል። ትእዛዙ ሁለት ነው፤ ስኳር መልቀቅህን አቁም፣ የመጣውንም አጠራቅም። ጉበትም ግሉኮሱን እያያያዘ ግላይኮጅን ወደሚባል ክምችት ይለውጠዋል። የተረፈው ኢንሱሊን ጡንቻና ስብ ዘንድ ይደርሳል። እዚያ ግሉኮስ የሚያስገቡ ፕሮቲኖች ከሕዋሱ ውስጥ ወደ ላይኛው ሽፋን እንዲወጡ ያደርጋል፤ ስኳሩም በእነሱ በኩል ይገባል። የስብ መቅለጥም በዚሁ ጊዜ ይቆማል። አንጎል ግን ግሉኮስ ለመውሰድ የኢንሱሊን ፈቃድ አያስፈልገውም።

ኢንሱሊን ጎረቤቶቹን አልፋ ሕዋሳትንም ዝም ያሰኛል። ስኳር በሞላበት ሰዓት ግሉካጎን አያስፈልግምና። ከዚህ ወጣ ያለው ያለ እንጀራ ሥጋ ብቻ ሲበላ ነው። ቁርጥ ብቻ የበላ ሰው ፕሮቲን እንጂ ካርቦሃይድሬት አልወሰደም። የሥጋው አሚኖ አሲዶች ኢንሱሊንን ያስነሳሉ፤ ኢንሱሊን ብቻውን ቢነሳ ግን ስኳሩ ይወርድ ነበር። አሚኖ አሲዶቹ አልፋ ሕዋሳትንም ስለሚቀሰቅሱ ግሉካጎን አብሮ ይወጣና ጉበት ስኳር እንዲለቅ ያደርጋል። ስኳሩም ባለበት ይረጋል።

እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው

ማታ 2 ሰዓት ላይ እራቱን የበላ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በማግስቱ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል እንበል። በዐቢይ ጾም እንዲህ የሚያደርግ ብዙ ምእመን አለ። ከእራት እስከ እህል መቅመሻው 19 ሰዓት መሆኑ ነው።

የእራቱ ስኳር ከአንጀት ገብቶ የሚያልቀው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር የለም። ስኳሩ ወደ 85 ሲጠጋ ቤታ ሕዋሳት ይቀዘቅዛሉ፤ የኢንሱሊኑ መጠን ይወርዳል። ጎረቤቶቻቸው አልፋ ሕዋሳት ከጫና ነፃ ሆነው ግሉካጎን ይለቃሉ። ግሉካጎን ዋነኛ ሥራው ጉበት ላይ ነው። እዚያ ሲደርስ ግላይኮጅኑን የሚቆርጥ ኢንዛይም ይነቃል፤ ከክምችቱ ግሉኮስ በግሉኮስ እየተነጠለ ወደ ደም ይሄዳል።

የሚለቀው መጠን በየደቂቃው ለአንድ ኪሎ ክብደት 2 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ለ70 ኪሎ ሰው ሲሰላ በሰዓት 8 ግራም ይሆናል። ከሌሊቱ 7 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት 14 ሰዓት ነው፤ 14 በ8 ሲባዛ 112 ግራም ይመጣል። ጉበት የሚይዘው ግላይኮጅን ግን በጥሩ ቀኑ 100 ግራም ገደማ ነው። ሒሳቡ አይሞላም።

ጡንቻ ውስጥ 400 ግራም ያህል ግላይኮጅን አለ፤ ነገር ግን ጡንቻ ግሉኮስን ነፃ አድርጎ ወደ ደም የሚያወጣው ኢንዛይም ስለሌለው ለራሱ ሥራ ብቻ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ጉበት አዲስ ግሉኮስ መሥራት ይኖርበታል፤ ይህንንም የሚጀምረው ክምችቱ ሳያልቅ ነው። ጠዋት ላይ ከሚለቀው ስኳር ግማሽ ያህሉ አዲስ የተሠራ ነው። ጥሬ ዕቃው ከሦስት ቦታ ይመጣል፤ ከጡንቻና ከቀይ የደም ሕዋሳት የሚመለስ ላክቴት፣ ስብ ሲቀልጥ የሚወጣ ግሊሰሮል፣ ከፕሮቲን የሚገኙ አሚኖ አሲዶች። ይህን ሥራ የሚያፋጥነውም ግሉካጎን ነው።

ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ጡንቻና ልብ አብዛኛውን ኃይላቸውን ከስብ ማግኘት ይጀምራሉ፤ ግሉኮሱን ለአንጎል ይተውለታል። ጉበትም ከስቡ ከፊሉን ኬቶን ወደሚባል ነዳጅ መለወጥ ይጀምራል። በ9 ሰዓት የኬቶኑ መጠን ገና ትንሽ ነው። ጾሙ ለሳምንታት ቢቀጥል ምን እንደሚሆን በቦስተን ጆርጅ ካሂልና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ አጥንተዋል። በሆስፒታል ክትትል ሥር ለሳምንታት የጾሙ ከልክ በላይ ውፍረት ያላቸው ሰዎች አንጎል፣ ከሚጠቀመው ኃይል አብዛኛውን ከኬቶን ያገኝ እንደነበር አሳይተዋል።

ለጤነኛው ጾመኛ 9 ሰዓት ሲደርስ የስኳሩ ቁጥር ምናልባት 75 ወይም 80 ነው። ይርበዋል፤ ሰውነቱ ግን ሥራውን ይሠራል።

ትንሹ ኢንሱሊን

እስካሁን ከተነገረው ኢንሱሊን የምግብ ሰዓት፣ ግሉካጎን የጾም ሰዓት ሆርሞን ብቻ ሊመስል ይችላል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። በጾም ጊዜ የኢንሱሊን መጠን ቢወርድም አይጠፋም። የቀረችው ጥቂት ኢንሱሊን የጉበት ልጓም ናት፤ ግሉካጎን ወደፊት ሲገፋው፣ እሷ ደግሞ ከልክ እንዳያልፍ ትይዘዋለች። ስቡም በአንድ ጊዜ ቀልጦ ኬቶን እንዳያጥለቀልቅ የምትከለክለው እሷው ናት።

ያ ልጓም ጨርሶ ሲጠፋ የሚሆነውን የቶሮንቶ ሐኪሞች በ1922 በዓይናቸው አይተዋል። ሊዮናርድ ቶምፕሰን የ14 ዓመት ልጅ ነበር። የስኳር ሕመምተኛ ሆኖ በዚያ ዘመን የነበረውን ብቸኛ ሕክምና ይከተል ነበር፤ በረሃብ የሚያቆይ እጅግ ጥቂት ምግብ። ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ ወርዶ፣ ያም ሆኖ ስኳሩ ከፍ እንዳለ ነበር። ምግቡ ሲቀነስ ጉበቱ የገዛ ጡንቻውን እየለወጠ ስኳር ይሠራ ነበርና። ጥር 11 ቀን 1922 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ከከብት ቆሽት ያዘጋጁት ፈሳሽ ተወጋ፤ ብዙ ለውጥ አላመጣም፤ የተወጋበትም ቦታ ቆሰለ። ጄምስ ኮሊፕ ፈሳሹን ካጣራው በኋላ ጥር 23 ቀን እንደገና ሲሰጠው ግን ስኳሩ በአንድ ቀን ውስጥ ከ520 ወደ 120 ወረደ። ልጁ ከዚያ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ ኖረ።

በማግስቱ ዓመት፣ በ1923፣ ኪምቦልና መርሊን የተባሉ ተመራማሪዎች ከቆሽት በወጣ ፈሳሽ ውስጥ ስኳርን የሚያወርድ ብቻ ሳይሆን የሚያወጣም ነገር እንዳለ ተረዱ፤ ግሉካጎን አሉት። ለብዙ ዓመታት ብዙም ትኩረት ሳያገኝ ቆየ። አሜሪካዊው ሐኪም ሮጀር አንገር ግን በስኳር ሕመም ኢንሱሊን ከመጉደሉ ባሻገር ግሉካጎን መብዛቱም ትልቅ ድርሻ እንዳለው ዕድሜውን ሙሉ ሲከራከር ኖሯል። የምርምር ቡድኑ ግሉካጎን ጉበታቸው ላይ እንዳይሠራ ተደርገው የተወለዱ አይጦችን ወስዶ ቤታ ሕዋሳታቸውን አጠፋ። ኢንሱሊን ባይኖራቸውም የጾም ስኳራቸው እንደ ሌሎቹ አልወጣም።

አሁን ጠዋት 168 ያየው ታካሚ መልስ ያገኛል። በአይነት 2 የስኳር ሕመም ጉበት የኢንሱሊንን ትእዛዝ እንደቀድሞው አይቀበልም። አልፋ ሕዋሳቱም መቀነስ ሲገባቸው ግሉካጎን መልቀቃቸውን ይቀጥላሉ። ልጓሙ ሲላላ ጉበት ከሚገባው በላይ ስኳር ይለቃል። ንጋት ሲቃረብ የሚጨምሩት ኮርቲሶልና የእድገት ሆርሞን ነገሩን ያባብሱታል። እራት መተው ብዙ ያልረዳውም ለዚህ ነው። በባዶ ሆድ፣ ቢያንስ ከ8 ሰዓት ጾም በኋላ፣ ስኳር የሚለካውም የእራቱ ስኳር አልቆ የጉበቱ ሥራ ብቻውን እንዲታይ ነው። ውጤቱ 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ይባላል። በብዛት የሚታዘዘው ሜትፎርሚንም ዋና ሥራው ጉበት የሚያወጣውን ስኳር መቀነስ ነው።

መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲጾም

አይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ሰው «ምግብ ካልበላሁ ኢንሱሊን ምን ያደርግልኛል?» ብሎ መርፌውን ሙሉ በሙሉ ቢያቆም፣ ያቺ ጥቂቷ የጾም ኢንሱሊን ትጠፋለች። ጉበት ያለ ገደብ ስኳር ይለቃል፤ ስቡ ቀልጦ ኬቶን ይከማቻል፤ ደም አሲዳማ ይሆናል። ምልክቱ ብርቱ ጥማትና ብዙ ሽንት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ የፍራፍሬ ዓይነት የአፍ ጠረን ነው። ይህ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ አደጋ ነው። የመጾምና የመታመም ቀን ሲመጣ የኢንሱሊኑ መጠን በሐኪም ሊቀነስ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ኢንሱሊን ግን ጨርሶ አይቆምም።

ተቃራኒው አደጋ ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን ክኒን ከሚወስዱት ዘንድ ይታያል። ይህ መድኃኒት ቀደም ሲል ያየነውን የፖታሲየም በር ይዘጋዋል። በሩ በተፈጥሮ የሚዘጋው ስኳር ሲበዛ ነበር፤ ክኒኑ ግን ስኳር ቢያንስም ይዘጋዋል። ቤታ ሕዋሳት ስኳር እንደበዛ ቆጥረው ኢንሱሊን መልቀቃቸውን ይቀጥላሉ። ኢንሱሊኑ ጉበትን ይይዘዋል፤ አልፋ ሕዋሳትንም ዝም ያሰኛል። ጠዋት ክኒኑን ውጦ እስከ 9 ሰዓት፣ ወይም በረመዳን እስከ ማታ የሚጾም ሰው ስኳሩ 60 እና 50 ሊገባ ይችላል። በዕድሜ የገፉና ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች የበለጠ ይጎዳሉ፤ መድኃኒቱ ከሰውነታቸው ቶሎ አይወጣም። ለዚህ ነው ሐኪሞች ከጾሙ በፊት ታካሚውን አነጋግረው የክኒኑን ሰዓትና መጠን የሚያስተካክሉት፣ ወይም ሌላ መድኃኒት የሚያዙት። በክርስትናም በእስልምናም ለታመመ ሰው ጾሙ እንደሚቀልለት የሃይማኖት አባቶች ያስተምራሉ።

ስኳር ሲወርድ ጤነኛ ሰውነት በተራ በተራ ይከላከላል። ከ85 በታች ኢንሱሊን ይቀንሳል፤ ከ70 ዝቅ ሲል ግሉካጎንና አድሬናሊን ይነሳሉ፤ ወደ 55 ሲጠጋ ምልክቱ ይታያል። ላብ ያጠምቃል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ልብ ይመታል፤ ብርቱ ረሃብ ይመጣል። ከዚያም አነጋገር ይምታታል፤ ሰውየው እንደ ሰከረ ሰው ይሆናል። አይነት 1 የስኳር ሕመም ለዓመታት የቆየበት ሰው ግን ሁለቱን የመጀመሪያ መከላከያዎች ያጣል። የተወጋው ኢንሱሊን እንደ ቆሽቱ ኢንሱሊን ስኳር ሲያንስ አይቆምም። አልፋ ሕዋሳቱ በሕይወት ቢኖሩም ጎረቤቶቻቸው ቤታ ሕዋሳት ስለጠፉ ኢንሱሊን ሲወርድ የሚደርሳቸውን ምልክት አያገኙም፤ በሚያስፈልጉበት ሰዓት ግሉካጎን አይለቁም።

መድኃኒት እየወሰደ የሚጾም የስኳር ሕመምተኛ በጾሙ መሃል መለካት አለበት። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ካየ ጾሙን ወዲያውኑ እንዲፈታ ይመከራል። ስኳሩ የወረደበት ሰው ራሱን የሚያውቅ ከሆነ 15 ግራም ስኳር፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ሞላ ያለ ስኳር በውኃ በጥብጦ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ይወስዳል። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካል፤ ካልወጣ ይደግማል፤ ሲወጣ ምግብ ይበላል። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አይሰጠውም፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላልና። በጤና ተቋም ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጠዋል፤ ካለ ደግሞ የግሉካጎን መርፌ ይወጋል።

የግሉካጎን መርፌም ወሰን አለው። ሥራው በጉበት ውስጥ ያለውን ክምችት ማስለቀቅ ስለሆነ፣ ክምችቱ ካለቀ የሚያስለቅቀው ነገር አያገኝም። ረጅም ሰዓት የጾመ ሰው ወይም በባዶ ሆዱ ብዙ አረቄ የጠጣ ሰው እንዲህ ያለ ችግር ላይ ይወድቃል። አልኮል በጉበት ውስጥ ሲቃጠል ከላክቴት አዲስ ግሉኮስ የሚሠራበትን መንገድ ያውካል። ክምችቱ ያለቀበት፣ አዲስ መሥራትም ያልቻለ ጉበት ለግሉካጎን መልስ አይሰጥም። እንዲህ ያለውን ሰው የሚያድነው በደም ሥር የሚገባ ግሉኮስ ብቻ ነው፤ የስካር እንቅልፍ ነው ተብሎ መተው የለበትም።